ከአርባ ኢሜይል አንድ ገጽ ማውጣት

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ እዚህ ያላችሁት አብዛኞቻችሁ በግዢ፣ በፕሮጀክት ማስተባበር ወይም በሥራ አስኪያጅ ጽሕፈት ቤት የምትሠሩ ናችሁ። ስለዚህ የምናገርለትን ኢሜይል ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ርዕሱ «Re: Re: Fwd: Generator» ይላል። ከላይ አንድ መስመር ብቻ አለ፦ «ከታች ያለውን ልውውጥ ተመልክተው ውሳኔ እንዲሰጡበት»። ከዚያ በታች አርባ ኢሜይል ተደራርቧል። ሥራ አስኪያጁ ሁለቱን ሦስቱን ያዩና ወደ እናንተ ያስተላልፉታል፤ «እስቲ አጠር አድርጋችሁ ጻፉልኝ» ይላሉ።

ዛሬ የማወራው ስለዚያ አንድ ገጽ ነው። ዳራ፣ ያልተቋጩ ጥያቄዎች፣ ቀጣይ እርምጃዎች የሚሉ ሦስት ክፍሎች አሉት። ክፍሎቹን መጥራት ቀላል ነው፤ ችግሩ ያለው በምን እንደሚሞሉ ላይ ነው። እኔ የምለው ይህ ነው፦ ሥራው ያለው መካከለኛው ክፍል ላይ ነው። ያልተቋጩትን ጥያቄዎች በትክክል ካገኛችሁ፣ ቀጣይ እርምጃዎቹ ከእነሱ ይወጣሉ፤ በዳራው ውስጥ ምን መግባት እንዳለበትም እነሱ ይነግሯችኋል። ስለዚህ ዳራው ወረቀቱ ላይ መጀመሪያ ቢታይም የሚጻፈው መጨረሻ ላይ ነው።

አብዛኞቻችን ግን ከዳራ እንጀምራለን፤ ለዚህም ምክንያት አለን። የቢሮ ጽሑፍ የተማርነው ከቃለ ጉባኤና ከደብዳቤ ነው። «በቀን ይህን ያህል በተጻፈ ደብዳቤ ይህ ተጠየቀ፤ በቀን ይህን ያህል ይህ ተመለሰ» እያልን በቅደም ተከተል መሄድ ለምደናል። ለመዝገብ ቤት ይህ ትክክል ነው። መወሰን ላለበት ሰው ግን አርባውን ኢሜይል በሌላ አማርኛ ደግሞ ማስነበብ ነው። ቀኖቹን በሙሉ አንብቦ ሲጨርስ «ታዲያ ከእኔ የሚፈለገው ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄው እንዳለ ይቀራል።

በምሳሌ እንየው። ምሳሌውን ለዚህ ንግግር ብዬ ያዋቀርኩት ነው፤ ሆስፒታሉም ሰዎቹም የሉም። በውስጡ ያሉት ችግሮች ግን በየቢሮው የምናገኛቸው ናቸው። አንድ ሆስፒታል ከጣልያን ጄነሬተር ሊገዛ ነው፤ ክፍያው በኤልሲ ነው። በልውውጡ ውስጥ የግዢ ኃላፊው፣ የፋይናንስ ኃላፊዋ፣ የቴክኒክ ክፍል መሐንዲሱ፣ ሻጩ፣ ባንኩና ትራንዚተሩ አሉ። ልውውጡ የተጀመረው ጥቅምት 1 ቀን 2017 ሲሆን ኅዳር 2 ቀን ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ደረሰ።

የመጀመሪያው ሥራ ልውውጡ ሙሉ መሆኑን ማረጋገጥ ነው። ፊታችሁ ያለው ሰንሰለት ብዙ ጊዜ ሙሉ አይደለም። አንዱ ሰው ለሁሉም መመለስ ሲገባው ለላኪው ብቻ ከመለሰ፣ ያ መልስ እናንተ በያዛችሁት ሰንሰለት ውስጥ የለም። አንዱ ርዕሱን ከቀየረ ጂሜይል እንደ አዲስ ልውውጥ ለይቶ ያስቀምጠዋል፤ ልውውጡ ከ100 ኢሜይል ሲያልፍም እንዲሁ ይከፍለዋል። ከሁሉ በላይ የሚጎዳን አባሪ ነው። ለአንድ ኢሜይል መልስ ስትጽፉ አባሪው አብሮ አይሄድም፤ አብሮ የሚሄደው ፎርዋርድ ስታደርጉ ነው። «ከአባሪው እንደምትመለከቱት» ብሎ የጻፈ ሰው አባሪው እንዳልሄደ ሳያውቅ ሊቀር ይችላል።

ስለዚህ ሰንሰለቱን ከማንበባችሁ በፊት በመልእክት ሳጥኑ ውስጥ ፍለጋ አድርጉ። በጂሜይል እንዲህ ይጻፋል፦

```
(generator OR ጄነሬተር OR ጀነሬተር OR proforma) after:2024/10/10
```

ሁለት ነገር ልብ በሉ። ፍለጋው የሚያውቀው የፈረንጁን ቀን ነው፤ መስከረም 30 ቀን 2017 ለእሱ 2024/10/10 ነው። ሁለተኛው የራሳችን ጉዳይ ነው፤ አንዳችን «ጄ» ብለን ስንጽፍ ሌላችን «ጀ» ብለን እንጽፋለን፣ ለፍለጋው ግን ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። አንዱን ብቻ ከፈለጋችሁ የሌላውን ሰው ኢሜይሎች በሙሉ ታጣላችሁ። ከዚያም የራሳችሁ ሳጥን ውስጥ የሌለውን ጠይቁ። በእኛ ምሳሌ የፋይናንስ ኃላፊዋን «ከባንኩ ለእርስዎ ብቻ የደረሰ ነገር አለ?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። አለ። ባንኩ ጥቅምት 26 ቀን ለእሳቸው ብቻ መልሷል። ወደዚህ ኢሜይል እንመለሳለን፤ ሙሉው ጉዳይ የተንጠለጠለው በእሱ ላይ ነው።

ቀጥሎ ንባብ ነው። ከታች ወደ ላይ፣ ማለትም ከመጀመሪያው ኢሜይል ጀምራችሁ አንብቡ። አጠገባችሁ ወረቀት ወይም ኤክሴል ይኑር። ሰላምታውን፣ ምስጋናውን፣ «እንደሚታወቀው» የሚለውን መግቢያ እለፉት። የምትመዘግቡት አራት ዓይነት ነገር ብቻ ነው፦ ጥያቄ፣ መልስ፣ ውሳኔ፣ ቃል የተገባበት ሥራ። ከእያንዳንዱ ጎን ማን እንደተናገረው፣ መቼ እንደሆነና ስንተኛው ኢሜይል ላይ እንዳለ ጻፉ። ኋላ አንድ ሰው «ይህን ማን አለ?» ብሎ ሲጠይቃችሁ እንደገና አርባውን እንዳታነቡ ነው።

ቀን ስትመዘግቡ በቁጥር ብቻ የተጻፈውን እንዳለ አትገልብጡ። አንዱ «12/2» ብሎ ሲጽፍ ለእኛ ጥቅምት 12 ነው። ለጣልያኑ ግን የካቲት፣ እሱም በራሱ ካሌንደር፤ ለአሜሪካዊ ደግሞ የዲሴምበር ሁለተኛ ቀን ነው። የወሩን ስም ጻፉ፤ የውጭ አገር ሰው ያለበት ጉዳይ ከሆነ ሁለቱንም ቀን ጎን ለጎን አስቀምጡ። «ነገ 3 ሰዓት» የሚለውም እንዲሁ ነው፤ ጠዋት 3 ሰዓት የሚል የኛ ሰውና 9:00 ብሎ የሚጽፍ ሻጭ ስለ አንድ ሰዓት እያወሩ ነው፤ «3» ብቻ ካላችሁት ግን ከሰዓት በኋላ ይጠብቃችኋል።

አሁን መዝገባችን ውስጥ ምን እንዳለ እንመልከት። ጥቅምት 5 ቀን ሻጩ ለ400 ኬቪኤ ጄነሬተር በ62,000 ዩሮ ፕሮፎርማ ላከ። ጥቅምት 8 ቀን መሐንዲሱ ተቃወመ፤ አዲሱ የቀዶ ሕክምና ክፍል ሲከፈት 400 አይበቃም፣ 500 ይሁን አለ። ጥቅምት 12 ቀን የፋይናንስ ኃላፊዋ የውጭ ምንዛሪ ጥያቄውን ለባንክ አስገቡ። ጥቅምት 14 ቀን ሻጩ ለ500 ኬቪኤ በ71,500 ዩሮ ሁለተኛ ፕሮፎርማ ላከ፤ ለ30 ቀን የሚጸና ነው።

እነዚህን አራት መስመሮች አንዱን ከሌላው በታች ስታዩዋቸው አንድ ነገር ይታያችኋል። የባንኩ ጥያቄ የገባው ሁለተኛው ፕሮፎርማ ከመምጣቱ ሁለት ቀን በፊት ነው። ታዲያ ባንኩ የያዘው የትኛውን ፕሮፎርማ ነው? በአርባው ኢሜይል ውስጥ ይህን በግልጽ የጻፈ አንድም ሰው የለም። የምታገኙት የባንኩን ኢሜይል ከፍታችሁ ገንዘቡን ስትመለከቱ ነው። 62,000 ዩሮ ይላል። ባንኩ የፈቀደው ለ400 ኬቪኤው ነው፤ አሁን የኢንሹራንስ ሰነዱንና የተፈረመውን የኤልሲ ማመልከቻ እየጠበቀ ነው። መሐንዲሱ ደግሞ 500 እንደሚመጣ እርግጠኛ ሆኖ የኮንክሪት መሠረት ሊያስጀምር ነው።

ቁጥር ያለበትን አባሪ ሁሉ ክፈቱ የምለው ለዚህ ነው። ሰው በኢሜይሉ «ፕሮፎርማው» ብሎ ይጽፋል፤ የትኛው እንደሆነ የሚነግራችሁ ሰነዱ ራሱ ነው። ገንዘብ፣ መጠን፣ የሚያበቃበት ቀን ያለባቸውን ነገሮች ከሰው አነጋገር ሳይሆን ከሰነዱ ውሰዱ።

መሐንዲሱ እንዴት እርግጠኛ ሊሆን ቻለ? ይህንንም ቀረብ ብለን እንየው። ጥቅምት 19 ቀን ሻጩ በአንድ ኢሜይል ሦስት ነገር ጠየቀ፦ የመጨረሻ ምርጫችሁ 500ው ነው ወይ? የ8 ሳምንት ማስረከቢያ ጊዜ ይስማማችኋል ወይ? ክፍያው ሰነድ ሲቀርብ ወዲያው የሚከፈልበት ኤልሲ ነው ወይ? የግዢ ኃላፊው በማግስቱ መለሱ፦ «ተስማምተናል፤ በቶሎ ቢላክልን መልካም ነው።»

የተስማሙት በየትኛው ነው? ሻጩ በሦስቱም ነው ብሎ ወሰደው። መሐንዲሱም 500ው ጸድቋል ብሎ ወሰደው። የግዢ ኃላፊውን ብትጠይቋቸው ምናልባት የመለሱት ስለ ማስረከቢያ ጊዜው ሊሆን ይችላል። ከዚህም ሌላ፣ በ9,500 ዩሮ የሚበልጥ ዕቃ የማጽደቅ ሥልጣን በዚህ ሆስፒታል የሥራ አስኪያጁ ነው። ስለዚህ «ተስማምተናል» የሚለው ቃል ልውውጡ ውስጥ ቢኖርም፣ ውሳኔ ብላችሁ ልትመዘግቡት አትችሉም።

አንድ ጥያቄ ተቋጭቷል ለማለት እኔ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። መልሱ የተሰጠው ለዚሁ ጥያቄ ነው ወይ? የመለሰው ሰው መወሰን የሚችል ነው ወይ? ከዚያ በኋላ የመጣ ኢሜይል ወይም ሰነድ አልሻረውም ወይ? ከሦስቱ አንዱ ካልተሟላ ጥያቄው ያልተቋጨ ነው። ዝምታ ደግሞ መልስ አይደለም። በእኛ ቢሮዎች ሰው አለመስማማቱን በቀጥታ መጻፍ ይከብደዋል፤ «እንመካከርበታለን» ይላል፣ ወይም ጭራሽ አይመልስም። ማጠቃለያ የሚጽፍ ሰው ያንን ዝምታ በፈቃድ ከተረጎመው በሰው ስም ወስኗል ማለት ነው።

በስልክና በቴሌግራም የተባለውም አለ። «ከባንኩ ጋር በስልክ ተነጋግረናል፣ ችግር የለም» የሚል ኢሜይል ብታገኙ አትጣሉት፤ ግን እንደ ውሳኔም አታስገቡት። «በስልክ ተብሏል፤ በጽሑፍ አልተረጋገጠም» ብላችሁ ጻፉ። በተለይ ባንክና ጉምሩክ ያሉበት ጉዳይ ላይ ይህን ልዩነት መጻፋችሁ ብዙ ችግር ይከላከላል።

ጥያቄና መልሱን ስታጣምሩ አብዛኛው ይጠፋል። ትራንዚተሩ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ጠይቆ ነበር፤ ተልኮለታል፤ አልቋል። ሻጩ የክፍያውን ዓይነት ጠይቆ ነበር፤ የፋይናንስ ኃላፊዋ ኋላ ለብቻው አረጋግጠዋል፤ አልቋል። እነዚህ ማጠቃለያው ውስጥ አይገቡም። ደክማችሁ ያነበባችሁትን መተው እንደሚያሳዝን አውቃለሁ፤ ግን ለወሳኙ ምንም አይጨምርም።

የቀሩት አራት ናቸው። አንደኛው የትኛው ጄነሬተር የሚለው ነው። ሁለተኛው 500 ከሆነ ባንኩ የፈቀደውን ገንዘብ ከፍ ማድረግ ይቻላል ወይስ አዲስ ማመልከቻ ያስፈልጋል የሚለው ነው። ይህን በልውውጡ ውስጥ የጠየቀ ሰው የለም። ሆኖም ያለ እሱ የመጀመሪያውን መወሰን አይቻልም። እንዲህ ያለውን ጥያቄ ማስገባት ትችላላችሁ፤ ግን «በልውውጡ አልተነሳም» ብላችሁ ለዩት፤ አንባቢው የእናንተን ሐሳብ ከሰዎቹ ሐሳብ እንዲለይ። ሦስተኛው ሻጩ 8 ሳምንት ያለው ከመቼ ጀምሮ ተቆጥሮ እንደሆነ ነው፤ ኤልሲው ከተከፈተበት ቀን ነው ወይስ ከጥቅምት 20 መልስ? አራተኛው የመሠረቱ ስዕል ነው። ሻጩ ጥቅምት 25 ቀን ለግዢ ኃላፊው ልኮታል፤ እሳቸው «ስዕሉ እነሆ» ብለው ለሁሉም መለሱ፣ አባሪው ግን አብሮ አልሄደም። ልውውጡን ብቻ ያነበበ ሰው ስዕሉ ተልኳል ብሎ ይጽፋል። መሐንዲሱ እጅ ግን የለም።

አሁን ወረቀቱን እናንብበው። ሙሉው ይኸው ነው።

*ጉዳዩ፦ የጄነሬተር ግዢ። የሚፈለገው፦ የሥራ አስኪያጅ ውሳኔ፣ እስከ ረቡዕ ኅዳር 4 ቀን 2017። የተጻፈው፦ ሰኞ ኅዳር 2 ቀን 2017፣ እስከዚያ ቀን ጠዋት በደረሱት ኢሜይሎች መሠረት።*

*ዳራ። ሆስፒታሉ ከጣልያን ሻጭ ጄነሬተር በኤልሲ ለመግዛት በሂደት ላይ ነው። ሁለት ፕሮፎርማ አለ፦ 400 ኬቪኤ በ62,000 ዩሮ እና 500 ኬቪኤ በ71,500 ዩሮ። የቴክኒክ ክፍሉ አዲሱ የቀዶ ሕክምና ክፍል ሲከፈት 400 አይበቃም ይላል። ባንኩ የፈቀደው የ400ውን 62,000 ዩሮ ነው። ሻጩና የቴክኒክ ክፍሉ 500ው ጸድቋል ብለው እየሠሩ ነው። የ500ው ፕሮፎርማ ኅዳር 14 (ኖቬምበር 23) ያበቃል፤ ቀኑ ቅዳሜ ስለሆነ የመጨረሻው የሥራ ቀን ዓርብ ኅዳር 13 ነው።*

*ያልተቋጩ ጥያቄዎች።*
*1. የሚገዛው 400 ነው ወይስ 500? የሚወስነው ሥራ አስኪያጁ። እስኪወሰን ኤልሲው አይከፈትም፣ የመሠረቱ ሥራም አይጀመርም።*
*2. 500 ከሆነ፣ ባንኩ ፈቃዱን በ9,500 ዩሮ ከፍ ያደርጋል ወይስ አዲስ ማመልከቻ ይፈልጋል? ስንት ጊዜስ ይወስዳል? የሚመልሰው ባንኩ። (በልውውጡ አልተነሳም።)*
*3. የ8 ሳምንቱ ማስረከቢያ ከየትኛው ቀን ይቆጠራል? የሚመልሰው ሻጩ።*
*4. የመሠረቱ ስዕል ለቴክኒክ ክፍሉ አልደረሰም። ያለው ግዢ ኃላፊው ዘንድ ነው።*

*ቀጣይ እርምጃዎች።*
*ፋይናንስ ኃላፊ፦ ጥያቄ 2ን ለባንኩ በጽሑፍ ታቀርባለች፤ እስከ ማክሰኞ ኅዳር 3። (የቀረበ ሐሳብ)*
*ግዢ ኃላፊ፦ ስዕሉን ለመሐንዲሱ ፎርዋርድ ያደርጋል (ቃል የተገባበት)፤ ጥያቄ 3ን ለሻጩ ይጽፋል (የቀረበ ሐሳብ)፤ ሁለቱም እስከ ማክሰኞ ኅዳር 3።*
*መሐንዲስ፦ ጥያቄ 1 እስኪወሰን ኮንክሪት አያስጀምርም። (የቀረበ ሐሳብ)*
*ሥራ አስኪያጅ፦ የባንኩን መልስ አይተው በጥያቄ 1 ላይ ይወስናሉ፤ እስከ ረቡዕ ኅዳር 4።*

ይኸው ነው። ስለ ዳራው አንድ ነገር ልጨምር። ከጥቅምት 1 ጀምሮ የሆነውን አይተርክም። ጥያቄ 1ን ለመወሰን የማያስፈልግ አንድም ዓረፍተ ነገር የለበትም። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ከዳራው አንድ ዓረፍተ ነገር ሰርዙና ያልተቋጩትን ጥያቄዎች አንብቡ። አሁንም የሚገባችሁ ከሆነ ያ ዓረፍተ ነገር አያስፈልግም ነበር። «ሻጩና የቴክኒክ ክፍሉ 500ው ጸድቋል ብለው እየሠሩ ነው» የሚለውን ብትሰርዙት ግን ጥያቄ 1 ለምን ዛሬ አስቸኳይ እንደሆነ አይገባም። ስለዚህ ይቀመጣል።

ደግሞም ማን እንደተሳሳተ አልተጻፈም። የግዢ ኃላፊው «ተስማምተናል» ማለታቸው፣ አባሪውን መርሳታቸው፣ ፋይናንስ በመጀመሪያው ፕሮፎርማ ማመልከታቸው የለም። የፋይናንስ ኃላፊዋ ባመለከቱበት ቀን የነበረው አንድ ፕሮፎርማ ብቻ ነበርና በእርግጥም አልተሳሳቱም። ጥፋት ማጠቃለያ ውስጥ ሲገባ የተነካው ሰው መልሱን ስለ ጄነሬተሩ ሳይሆን ስለ ራሱ ይጽፋል፤ ሰንሰለቱም አርባ የነበረው ስልሳ ይሆናል። ያለውን ሁኔታ ጻፉ፦ ባንኩ ዘንድ ያለው ይህ ነው፣ የቴክኒክ ክፍሉ የያዘው ይህ ነው። ለዚሁ ምክንያት፣ ልውውጡ ራሱ የሁለት ሰዎች ጠብ ከሆነ፣ ወይም ወደ ዲሲፕሊን የሚሄድ ጉዳይ ከሆነ፣ እንዲህ ያለ ማጠቃለያ አትጻፉ። እዚያ ላይ የሰውየው ሙሉ ቃል ያስፈልጋል፤ መጨመቅ ራሱ ወገን መያዝ ይሆናል።

ወደ ቀጣይ እርምጃዎች ልለፍ። አማርኛችን እዚህ ላይ ይፈትነናል፤ ምክንያቱም ሠሪ የሌለው ዓረፍተ ነገር በቀላሉ ይሰጠናል። «ባንኩ ይጠየቃል»፣ «ስዕሉ እንዲላክ ይደረጋል»፣ «ጉዳዩ በአስቸኳይ ይታያል»። ሲነበብ ጨዋ ነው፤ ማንንም አያዝም። በማግስቱ ግን ሁሉም ሌላው እንደሚያደርገው አስቦ ይቀመጣል። እያንዳንዱ መስመር በአንድ ሰው ይጀምር። «ፋይናንስና ግዢ በጋራ» ካላችሁ፣ ማንም አልያዘውም ማለት ነው፤ አንዱን ምረጡና ሌላው እንዲያግዝ ጻፉ። ቀን ይኑረው። «በተቻለ ፍጥነት» ቀን አይደለም።

ሁለት ምልክት እንዳስቀመጥኩ አይታችኋል፤ «ቃል የተገባበት» እና «የቀረበ ሐሳብ»። ስዕሉን እልካለሁ ያሉት ራሳቸው የግዢ ኃላፊው ናቸው፤ ያ ቃል የተገባበት ነው። ፋይናንስ ባንኩን ትጠይቅ ያልኩት ግን ማጠቃለያውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ይህን ሳትለዩ ከጻፋችሁ፣ የፋይናንስ ኃላፊዋ ያልገቡትን ቃል ገብተዋል ተብለው ማክሰኞ ማታ ይጠየቃሉ። ተገቢ አይደለም። ከላይ ያሉት አለቃ ሲቀበሉት ብቻ ነው ሥራ የሚሆነው።

ቅደም ተከተሉንም ተመልከቱ። ባንኩ የሚጠየቀው እስከ ማክሰኞ ነው፤ ውሳኔው መልሱ ከታየ በኋላ፣ እስከ ረቡዕ ነው። ሥራ አስኪያጁ ዛሬ 500 ይሁን ቢሉና ባንኩ አዲስ ማመልከቻ ይምጣ ቢል፣ ፕሮፎርማው እጃችን ላይ ሊያበቃ ይችላል። ስለዚህ እርምጃዎቹን በአስፈላጊነት ሳይሆን አንዱ ሌላውን በሚጠብቅበት መንገድ ደርድሯቸው። የማይጠባበቁት ደግሞ ጎን ለጎን ዛሬውኑ ይጀመሩ፤ ስዕሉ ማንንም አይጠብቅም።

ከመላካችሁ በፊት ሁለት ዓይነት ማጣሪያ አድርጉ። አንደኛው፣ እያንዳንዱን ቁጥርና ቀን ወደ መጣበት ሰነድ ተመልሳችሁ አመሳክሩ። 71,500 ተብሎ 75,100 የተጻፈ ማጠቃለያ፣ ከዚያ በኋላ ማንም ዋናውን ስለማይከፍት፣ እስከ ባንክ ድረስ ይሄዳል። ሁለተኛው፣ ስማቸው የተጠራውን ሰዎች አሳዩ። ረጅም ጊዜ አያስፈልግም፤ «እስከ 8 ሰዓት እርማት ካለ ይላኩልኝ» ይበቃል። በእኛ ምሳሌ የግዢ ኃላፊው «500ውንማ ሥራ አስኪያጁ በስብሰባ ላይ አጽድቀውታል» ሊሉ ይችላሉ። ያኔ ጥያቄ 1 ተቋጨ ማለት ሳይሆን፣ ቃለ ጉባኤው ይፈለጋል። ከተገኘ ጥያቄው ወደ ዳራው ይሄዳል፤ ካልተገኘ «በስብሰባ ጸድቋል ተብሏል፤ ቃለ ጉባኤው አልተገኘም» ተብሎ እዚያው ይቀመጣል።

ጥያቄ ከመቀበሌ በፊት፣ ቀደም ሲል ከተመዘገቡት ጥያቄዎች አንዱን ልመልስ፤ ማጠቃለያውን በዚያው ሰንሰለት ላይ እንላከው ወይስ በአዲስ ኢሜይል የሚለውን። በአዲስ ኢሜይል ላኩት፤ ርዕሱም ጉዳዩንና ቀኑን ይያዝ፣ ለምሳሌ «የጄነሬተር ግዢ፣ ማጠቃለያ፣ ኅዳር 2 ቀን 2017»። በድሮው ሰንሰለት ላይ ከላካችሁት ሁለት ችግር ይመጣል። አንዱ፣ በሁለት ቀን ውስጥ አሥር መልስ ይከመርበትና ማጠቃለያው ራሱ ማጠቃለያ ይፈልጋል። ሌላው ከባድ ነው። ሻጩና ትራንዚተሩ በግልባጭ ውስጥ አሉ። ባንኩ ምን ያህል እንደፈቀደላችሁ፣ ፕሮፎርማው ሳያበቃ መቸኮላችሁን፣ ሻጩ ማየት የለበትም፤ ስለ ዋጋ የምትነጋገሩት ከእሱ ጋር ነውና። ስለዚህ «ለሁሉም መልስ» የሚለውን አትጫኑ። ተቀባዮቹን አንድ በአንድ ራሳችሁ ጻፉ፤ ከታች የተንጠለጠለውን የድሮ ልውውጥ ቁረጡት። ለሻጩ የሚሄደው ለብቻው የሚጻፍ አጭር ኢሜይል ነው፤ ጥያቄ 3 ብቻ፣ በፈረንጁ ቀን፦ ስምንቱ ሳምንት የሚቆጠረው ከየትኛው ቀን ነው?